ዩቲዩብ ድምፅ ይቀንሳል፣ አይጨምርም፦ ለአንድ ጽሑፍ የተሰጠ ምላሽ

«ቪዲዮ ስትጨርሱ ድምፁን ኖርማላይዝ አድርጉት። ፒኩ ዜሮ ከደረሰ ሥራችሁ አለቀ፤ የቀረውን ዩቲዩብ ራሱ ያስተካክለዋል። አሁንም ካነሰ ሊሚተር ጣሉበትና እስኪጮህ ግፉት። የጮኸ ቪዲዮ ተመልካች ይይዛል። -14 የሚባለው ቁጥር የሙዚቃ ሰዎች ጣጣ ነው፤ የወሬ ቪዲዮ ለሚሠራ አያስጨንቅም። በስልካችሁ ሰምታችሁ ከጣማችሁ ልቀቁት።»

ይህን ጽሑፍ በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ደንበኞቼ ላኩልኝ። አንደኛው «ታዲያ አንተ ሁለት ቀን ሙሉ ምን ስትሠራ ነው የምትቆየው?» የሚል ጥያቄ ጨምሮበታል። የምሠራው ቱሉ ዲምቱ ኮንዶሚኒየም፣ አራተኛ ፎቅ፣ አንዲት ክፍል ውስጥ ነው። ሥራ የሚያመጡልኝ የገላን፣ የሰንዳፋና የሱሉልታ ሰዎች ናቸው። ዶሮ የሚያረቡ፣ ሠርግ የሚቀርጹ፣ ምግብ የሚያስተምሩ። ስቱዲዮ የላቸውም። ጸሐፊው የመከሩትን ሁሉ እኔም በጊዜዬ አድርጌዋለሁ። ስለዚህ ምላሼ ከላይ ሆኖ የሚመክር ሰው ምላሽ አይደለም። በዚያው ጉድጓድ ወድቆ የወጣ ሰው ነው የሚጽፈው።

ከፒኩ ልጀምር።

ባለፈው ክረምት አንድ የሰንዳፋ ዶሮ አርቢ አሥራ አንድ ደቂቃ የሆነ ቪዲዮ ላኩልኝ። ጫጩት ከገባ እስከ ሦስተኛ ሳምንት ምን እንደሚበላ የሚያስረዳ ነው። ደረታቸው ላይ ዋየርለስ ማይክ አለ። ንግግራቸው ረጋ ያለ ነው። ሦስተኛው ደቂቃ ላይ ግን የመኖው ሳህን ከእጃቸው አምልጦ ሲሚንቶ ላይ ይወድቃል። ጓ! ከዚያ ይስቃሉ፣ ወሬው ይቀጥላል።

ያቺ «ጓ» ግማሽ ሰከንድ አትሞላም። ፒኳ፣ ማለትም ከፍተኛው ጫፏ፣ ግን -0.3 ዲቢ ነው። ዲቢ የድምፅ መጠን መለኪያ ነው፤ ዜሮ ደግሞ ፋይሉ የሚይዘው ጣሪያ። አሁን የጸሐፊውን ምክር እንከተል። ኖርማላይዝ የሚለውን ስንጫን ፕሮግራሙ ከሁሉም ረጅሙን ማዕበል ይፈልጋል፤ ሳህኑን ያገኛል። ዜሮ እስኪደርስ ሁሉንም ከፍ ያደርጋል። የጨመረው 0.3 ዲቢ ብቻ ነው። ይህን ማንም ጆሮ አይለየውም። የሰውየው ወሬ እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ቀረ። ፒክ የሚነግረን የአንዷን ቅጽበት ቁመት ነው። የቤተሰቡን አማካይ ቁመት በረጅሙ ልጅ መገመት ማለት ነው።

ጆሮ የሚሰማውን ለመለካት ሌላ መለኪያ አለ። ስክሪን ላይ LUFS ተብሎ ይጻፋል፤ እኛ ላፍስ እንለዋለን። ዓለም አቀፉ የቴሌኮሙኒኬሽን ኅብረት በ2006 ባወጣው BS.1770 በሚባል መመዘኛ ላይ የቆመ ነው። ሁለት ብልሃት አለው። አንደኛ፣ ድምፁን እንደ ጆሮ ያደምጣል። የጄኔሬተሩን ወፍራም ጉርምርምታ አሳንሶ፣ የንግግርን ጥራት የሚሸከመውን ቀጭን ክፍል ደግሞ ከፍ አድርጎ ይቆጥራል። ሁለተኛ፣ ዝምታን አይቆጥርም። ሰውየው ዝም ብለው ጫጩት የሚያሳዩበት ደቂቃ አማካዩን ወደ ታች አይጎትተውም።

መለኪያው ዳቪንቺ ሪዞልቭ ውስጥ Fairlight ገጽ ላይ አለ። ፕሪሚየርም የራሱ አለው። ኮምፒውተሩ ደካማ ለሆነበት ደግሞ ይህች አንድ መስመር ትበቃለች፤

```
ffmpeg -i video.mp4 -vn -af ebur128=peak=true -f null -
```

ሲጨርስ መጨረሻ ላይ I በሚለው ፊት የሙሉ ቪዲዮውን አማካይ ይጽፋል። Peak በሚለው ፊት ደግሞ እውነተኛውን ፒክ። የሰንዳፋው ቪዲዮ I: -24.6 LUFS አለኝ።

ወደ ሁለተኛው ነገር ልለፍ፤ ዩቲዩብ ወደሚያስተካክለው። እዚህ ጸሐፊው ግማሹን አግኝተውታል። ከ-14 ላፍስ በላይ የጮኸውን ዩቲዩብ ሲያጫውት ይቀንሰዋል። ከዚያ በታች ያለውን ግን እንዳለ ይተወዋል። ማንም ሰው ቤቱ ሆኖ ሊያየው ይችላል። ኮምፒውተር ላይ ቪዲዮው ላይ ራይት ክሊክ አድርጋችሁ Stats for nerds የሚለውን ክፈቱ። Volume / Normalized የሚል መስመር አለ። የሰንዳፋው ቪዲዮ መጀመሪያ ላይ በዚያው እንደመጣ ተጭኖ ነበር። የሚታየው ይህ ነው፤

```
100% / 100% (content loudness -10.6dB)
```

ከሚፈለገው 10.6 ዲቢ ያነሰ መሆኑን ዩቲዩብ ያውቃል። ያደረገው ነገር ግን የለም፤ ሁለቱም 100 ናቸው። ደግሞስ ምን ሊያደርግ ይችላል? ሁሉንም በ10.6 ቢያነሣው የሳህኑ ድምፅ ከጣሪያው አልፎ ይቆራረጣል። ያንን ለማዳን ሳህኑን ለይቶ መጨፍለቅ አለበት። የእኔና የእናንተ ሥራ የሆነው ለዚህ ነው።

አሁን አሁን Stable volume የሚባል ማብሪያ መጥቷል፣ እሱስ? የሚለኝ አይጠፋም። በሹክሹክታና በጩኸት መካከል ያለውን ልዩነት ለማጥበብ የተሠራ ነው። ግን ተመልካቹ ያጠፋዋል ያበራዋል፤ በእጃችን አይደለም። ቤቴን የጎረቤት ቁልፍ ላይ አላንጠለጥልም።

10 ዲቢ ልዩነት ለጆሮ በግምት እጥፍ ነው። ተመልካቹ የዶሮውን ቪዲዮ ለመስማት ስልኩን እስከ ጫፍ ያነሣዋል። ከዚያ ማስታወቂያ ይገባል፤ ወይም ቀጣዩ ቪዲዮ በ-14 ይመጣል። የተኛ ሕፃን ያለበት ቤት ከሆነ ነገሩ አለቀ። ዶሮ አርቢው ራሳቸው ደውለው ያሉኝ «ልጄ፣ እኔ ከጉድጓድ ውስጥ ነው እንዴ የማወራው? ልጆቹ እኔን ለመስማት ከፍ ያደርጉና ከኋላ የሚመጣው ያስደነግጣቸዋል» ነው።

እንዴት እንዳስተካከልነው ልንገራችሁ፤ ምክንያቱም የጸሐፊው ሦስተኛ ምክር፣ ሊሚተር ጣሉበትና ግፉት የሚለው፣ የሚፈተነው እዚህ ላይ ነው። ሊሚተር ማለት ድምፅ ካስቀመጥንለት ጣሪያ እንዳያልፍ የሚይዝ መሣሪያ ነው።

መጀመሪያ ያየሁት የድምፁን ሥዕል ነው። ማይኩ የተቀዳው በግራ ቻናል ብቻ ነበር። ቀኙ ባዶ። በካሜራ ላይ ዋየርለስ ማይክ የሚሰኩ ሰዎች ዘንድ ይህ የየዕለት ነገር ነው። በኢርፎን ሲሰማ በአንድ ጆሮ ብቻ ይመጣል። ለመለኪያውም ችግር ነው። አንድ ድምፅ በግራ ብቻ ሲሆንና በሁለቱም ሲሆን በመካከሉ 3 ዲቢ ልዩነት አለ። ስለዚህ ይህን ሳያስተካክሉ መለካት ትርጉም የለውም። ግራውን ወደ ቀኝ ገለበጥኩት። -24.6 የነበረው -21.6 ሆነ። ምንም ሳንገፋ ሦስቱን አገኘን።

ቀጥሎ ሳህኑ። ያችን ግማሽ ሰከንድ ታይምላይኑ ላይ ቆርጬ 12 ዲቢ ዝቅ አደረግኋት። አማካዩ አልተነካም ማለት ይቻላል፤ -21.7 ሆነ። ፒኩ ግን ትልቅ ለውጥ አሳየ። አሁን ከፍተኛው የሰውየው ሳቅ ነው፤ -4 ዲቢ።

ቁጭ ብለን እናስላ። ወደ -14 ለመድረስ 7.7 ዲቢ ያስፈልገናል። ሳቁ -4 ላይ ስለሆነ 7.7 ሲጨመርበት +3.7 ይሆናል። ጣሪያችን -1 ነው። ስለዚህ 4.7 ዲቢ የሚያህል ከጫፎቹ ላይ መነሣት አለበት። ሳህኑን ባልነካው ኖሮ መነሣት የነበረበት 8.3 ነበር። ያኔ ሳህኑ ሲወድቅ ሊሚተሩ ዙሪያውን ያለውን ወሬ አብሮ ይደፍቀዋል። በጆሮ ሲሰማ ሰውየው ለአፍታ በር ጀርባ የገቡ ይመስላል።

4.7ቱን በአንድ መሣሪያ አላነሣሁትም። መጀመሪያ ከፍ ያለውን ድምፅ በለስላሳው የሚቀንሰው ኮምፕረሰር፣ 2 ለ 1፣ ጠንከር ብለው ሲናገሩ 3 ዲቢ ገደማ ብቻ እንዲይዝ። ኮምፕረሰሩ አማካዩንም በ1 ዲቢ ገደማ ስለሚያወርደው ያንን መልሼ ጨመርኩ። ከዚያ ሊሚተር፣ ጣሪያው -1። ሊሚተሩ የነካው ሳቁንና ጥቂት ጮክ ያሉ ቃላትን ነው፤ ከ3 ዲቢ አላለፈም። ስለካው -14.3 ላፍስ። በቃ።

ጣሪያውን ዜሮ ያላደረግሁበት ምክንያት አለ። ቪዲዮው ሲጫን እንደገና ይጨመቃል። ሲጨመቅ የማዕበሉ ቅርፅ ትንሽ ይለወጣል፤ ዜሮ ላይ የነበረ ጫፍ ከዜሮ ሊያልፍ ይችላል። ያኔ «ጭርጭር» የምትል ነገር ትሰማለች፣ በተለይ በስልክ ስፒከር። የ1 ዲቢ ክፍተት ለዚያ ነው።

አሁን ሁለተኛው መንገድ፣ እስኪጮህ መግፋት። በሙከራ ያንኑ ቪዲዮ ሊሚተሩን ገፍቼ -8 ላፍስ አደረስኩት። ኮምፒውተሬ ላይ እውነትም ያስደንቅ ነበር። ዩቲዩብ ላይ ያለው ውጤት ይህ ነው፤

```
100% / 50% (content loudness 6.0dB)
```

6 ዲቢ ቀንሶ ወደ -14 መለሰው። ጩኸቱ ከ-14.3ቱ ቅጂዬ ጋር እኩል ሆነ ማለት ይቻላል። የተወሰደው ግን አልተመለሰም። ጫፎቹ ተጨፍልቀው ስለቀሩ ድምፁ ግድግዳ ሆነ። «ሰ»፣ «ሸ» እና «ጸ» ጆሮ ይወጋሉ። በቃላት መካከል ደግሞ ትንፋሹ፣ ጄኔሬተሩና ሃምሳ ጫጩት ወደ ፊት መጡ። ሊሚተር ከፍተኛውን ሲይዝ ዝቅተኛው ከታች ይነሣልና። ዩቲዩብ ጩኸቱን ወስዶ ጉዳቱን ተወልን። ተመልካች የሚሸሸው እንዲህ ካለው ቪዲዮ ነው፤ ለምን እንደሸሸ ግን አይነግረንም። ጆሮው ደክሞት ነው የሚሄደው።

ሲገፋ ጉርምርምታውም አብሮ እንደሚነሣ መርሳት የለብንም። የሰንዳፋው ቪዲዮ ከኋላ ያለው ጫጫታ -58 ዲቢ ላይ ነበር። 8.7 ስጨምር -49 አካባቢ ደረሰ። ይሰማል ግን ያስችላል። ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የተቀረጸ ቢሆን ኖሮ -14ን አላሳድደውም ነበር። -16 ላይ አቆመዋለሁ። የ2 ዲቢ ልዩነት ተመልካቹን አያስነሣውም፤ የቆርቆሮው ዝናብ ግን ያስነሣዋል። ሱሉልታ አካባቢ ሐምሌ ላይ የምትቀርጹ ሰዎች ይህ ይገባችኋል።

«የሙዚቃ ሰዎች ጣጣ» ስለተባለው ቁጥር ብዙ አልልም። መለኪያው ዘፈን ይሁን ወሬ አያውቅም። ዩቲዩብም ለወሬ የተለየ ቁጥር የለውም። ግራ የሚያጋባው ምናልባት ቁጥሩ በየቦታው የተለያየ መሆኑ ነው። የአውሮፓ ቴሌቪዥን በ2010 በወጣው R 128 በሚባለው ምክረ ሐሳብ -23 ላይ ነው የሚሠራው። ስፖቲፋይ በመደበኛ ቅንብሩ -14፣ አፕል ሙዚቃ ደግሞ -16። ለቴሌቪዥን በ-23 የተዘጋጀ ፋይል እንዳለ ዩቲዩብ ላይ ከተጫነ 9 ዲቢ ያነሰ ሆኖ ይቀመጣል። ስለዚህ ለቴሌቪዥንና ለዩቲዩብ አንድ ፋይል አይላክም። ሁለት ኤክስፖርት ነው።

ይልቅ ጸሐፊው ያልነኩት፣ -14ን የሚያከብሩ ሰዎችም የሚወድቁበት ወጥመድ አለ። እኔን የጎዳኝ እሱ ነው።

የአንድ ሠርግ ማስታወሻ ቪዲዮ ሠራሁ። አሥር ደቂቃ። ሁለቱ ደቂቃ ሙዚቃ ብቻ ነው፣ ስምንቱ የሽማግሌዎች ምርቃትና ወሬ። ለካሁ፤ -13.5። «እሰይ» ብዬ ላክሁ። የሙሽራዋ እናት በማግስቱ ደውለው «ዘፈኑ ይገላል፣ የአባቷ ምርቃት ግን አይሰማም» አሉኝ። ከፍቼ ክፍል በክፍል ስለካ ሙዚቃው -8፣ ንግግሩ -18 ነበር። አሥር ዲቢ ልዩነት! አማካዩ ደግሞ እንከን የለሽ። ሙዚቃው ሁለት ደቂቃ ብቻ ቢሆንም ጉልበቱ ከፍ ያለ ስለሆነ አማካዩን ብቻውን ወደ ላይ ጎትቶታል። አንድ ሰው በጣም ጠግቦ ሌላው ሲራብ «በአማካይ ሁለቱም በልተዋል» እንደማለት ነው።

የመጨረሻው ቁጥር የሚነግረን የሙሉውን ነው። በመካከል ያለውን ለማየት Short የሚለውን፣ የሦስት ሰከንዱን መለኪያ ማየት አለብን። ሙዚቃው ላይ ቆሜ አየሁት፣ ንግግሩ ላይ ቆሜ አየሁት። ሙዚቃውን 8 ዲቢ ዝቅ አድርጌ -16 ላይ አደረግሁት። እንደገና ስለካ ሙሉው -17.5 ሆነ። ያኔ ሁሉንም በአንድነት 3.5 ጨመርኩ። ንግግሩ -14.5፣ ሙዚቃው -12.5፣ ሙሉው -14። ሙዚቃው አሁንም በ2 ዲቢ ይበልጣል፤ ሠርግ ነውና ይገባዋል። የአባትየው ድምፅ ግን ይሰማል። ቅደም ተከተሉን ልብ በሉ፤ መጀመሪያ ክፍሎቹን እርስ በርስ ማስታረቅ፣ ከዚያ ሙሉውን ወደ ቁጥሩ ማምጣት። ተገላቢጦሹን ካደረጋችሁት ሁለት ጊዜ ትሠራላችሁ።

ስለ ስልኩ የተባለውን በግማሽ እስማማለሁ። አብዛኛው ተመልካች በስልክ ነው የሚያየው፤ እኔም ከመልቀቄ በፊት በስልክ እሰማለሁ። ችግሩ «ከጣማችሁ» የሚለው ላይ ነው። ጆሮ በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ይለምዳል። ጠዋት አሥራ ሁለት ሰዓት ላይ ክፍሌ ውስጥ በቂ የሆነ ድምፅ ከቱሉ ዲምቱ ወደ ቃሊቲ በሚሄድ ታክሲ ውስጥ አይሰማም። ደግሞ የስልኩ ቮልዩም የት ላይ እንደነበረ ማን ያስታውሳል? በደንብ የተሠራ፣ Stats for nerds ላይ ዜሮ አካባቢ የሚያሳይ አንድ የሌላ ሰው የወሬ ቪዲዮ አስቀምጫለሁ። መጀመሪያ እሱን ከፍቼ ቮልዩሙን ለጆሮዬ እንዲመች አደርጋለሁ። ከዚያ ቁልፉን ሳልነካ የራሴን እከፍታለሁ። እጄ ወደ ቁልፉ ከሄደ፣ ወደ ላይም ይሁን ወደ ታች፣ ቪዲዮው አልደረሰም። የስልክ ስፒከር ወፍራሙን ድምፅ ስለማያወጣ ጄኔሬተሩን ይደብቅብኛል፤ ስለዚህ በኢርፎን ደግሞ አንድ ጊዜ እደግመዋለሁ።

ዶሮ አርቢው የተስተካከለውን ሲያዩ ደወሉ። ድምፃቸው ጥሩ ሆኗል። አንድ ቅሬታ ግን አላቸው፤ «ሳህኑ የወደቀበትን ለምን አደከምከው? ሰው የሚስቅልኝ እዚያ ላይ ነበር እኮ!» አራት ዲቢ መለስኩላቸው። እንደገና ለካሁት፤ አሁንም -14.3።